ሲሊኮን ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር የኤሌክትሮኒክስ ላብ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አንድ ሙከራ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ውስጥ ክርክር ይነሳል። ሙከራው ቀላል ነው። KTY81-110 የሚባል፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ የሲሊኮን ሙቀት መለኪያ እንወስዳለን። መጀመሪያ በረዶ ባለበት ውሃ፣ ቀጥሎ ከጣና ተቀድቶ በመጣ ውሃ፣ በመጨረሻ በፈላ ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን። በየመሀሉ ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር እናነባለን። የሚወጣው ቁጥር ተማሪዎቹ በቃላቸው ከያዙት ጋር አይገጥምም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚያ ክርክር የመጡ ናቸው።

መጽሐፉ «ሰሚኮንዳክተር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል» ይላል። የእኛ ሴንሰር ለምን ጨመረ?

መጽሐፉ አልዋሸም፤ ሴንሰሩም አልተበላሸም። የሚያወሩት ስለተለያየ ሲሊኮን ነው።

መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ንጹህ ሲሊኮን ነው። በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ሲሊኮን ውስጥ 5×10²² ያህል አቶሞች አሉ። በክፍል ሙቀት ከእነዚህ ሁሉ ተላቀው የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች 10¹⁰ አካባቢ ብቻ ናቸው። ይህ ማለት ለ5 ትሪሊዮን አቶም አንድ ኤሌክትሮን ነው። ሙቀቱ ሲጨምር የሚላቀቁት በፍጥነት ይበዛሉ። በክፍል ሙቀት አካባቢ 8 ወይም 9 ዲግሪ በተጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናሉ። ተሸካሚው ሲበዛ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል፤ ሬዚስታንሱም ይወርዳል።

ሴንሰራችን ውስጥ ያለው ሲሊኮን ግን ዶፕ የተደረገ ነው፤ ሆን ተብሎ ጥቂት ባዕድ አቶም ገብቶበታል። እስቲ 10¹⁵ የፎስፈረስ አቶሞች በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ውስጥ ገብተዋል እንበል። ይህ ለ50 ሚሊዮን የሲሊኮን አቶም አንድ ፎስፈረስ ነው፤ ኢምንት ነው። እያንዳንዱ ፎስፈረስ ግን አንድ ኤሌክትሮን ይለቃል። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ኤሌክትሮኖቹ ከንጹሁ ሲሊኮን በ100 ሺህ እጥፍ በለጡ ማለት ነው። በክፍል ሙቀት ሁሉም ቀድሞውኑ ተለቀዋል። ብታሞቁት የሚጨመር ኤሌክትሮን የለም ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ካልተለወጠ ደግሞ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እሱም ኤሌክትሮኖቹ የሚጓዙበት ቅልጥፍና ነው። ሞቢሊቲ የሚባለው ይህ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ይቀንሰዋል።

ሞቢሊቲ በትክክል ምንን ይለካል?

ተሸካሚው በተወሰነ የኤሌክትሪክ ግፊት ምን ያህል ፍጥነት እንደሚያገኝ ይለካል። በትንሹ ዶፕ በተደረገ ሲሊኮን ውስጥ የኤሌክትሮን ሞቢሊቲ በክፍል ሙቀት 1350 አካባቢ ነው። አሃዱ cm²/V·s ነው። ይህ ማለት በአንድ ሴንቲሜትር ርዝመት ላይ 1 ቮልት ብታደርጉ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ በሰከንድ 13 ሜትር ተኩል ወደፊት ይሄዳሉ። ፈጣን ሯጭ በሰከንድ 10 ሜትር ይሮጣል፤ ስለዚህ ያን ያህል ብዙ አይደለም።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ሌላው ፍጥነት ነው። ያው ኤሌክትሮን ቮልቴጅ ባይኖርም በሙቀት ብቻ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዲያ ወዲህ ይወናጨፋል። ግን አቅጣጫ የለውም። እየተጋጨ ስለሚመላለስ የትም አይደርስም። ቮልቴጅ የሚያደርገው ይህን ትርምስ በትንሹ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ነው። ሞቢሊቲ የዚያ ዝንባሌ መጠን ነው።

ሆሎች፣ ማለትም ኤሌክትሮን የጎደለባቸው እንደ ፖዘቲቭ ተሸካሚ የሚቆጠሩ ባዶ ቦታዎችም ይጓዛሉ፤ ግን ከኤሌክትሮኖች በሦስት እጥፍ ገደማ ያነሰ ሞቢሊቲ አላቸው፤ 450 አካባቢ።

አስተላላፊነቱ የሚወጣው ሁለቱን በማባዛት ነው፤ ስንት ተሸካሚ አለ፣ እያንዳንዱስ ምን ያህል ይቀላጠፋል፦

```
σ = q · n · μ
```

σ አስተላላፊነት ነው፤ q የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ፣ n የተሸካሚዎቹ ብዛት፣ μ ሞቢሊቲያቸው። ከላይ ላለው ሲሊኮን 1.6×10⁻¹⁹ን በ10¹⁵፣ ከዚያ በ1350 ብታባዙ 0.216 ይመጣል። ሬዚስቲቪቲው፣ ማለትም የቁራጩ መጠንና ቅርጽ ሳይገባበት የሲሊኮኑ የራሱ ተቃውሞ፣ የዚህ ግልባጭ ስለሆነ 4.6 ኦም ሴንቲሜትር ነው።

ሙቀት ሞቢሊቲን የሚቀንሰው እንዴት ነው?

ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ለመሄድ ሞክራችሁ ታውቁ የለ? የሚያዘገያችሁ ሁለት ዓይነት ነገር ነው። አንደኛው ግፊያው ነው። ሰዉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትገፈተራላችሁ፤ መንገዳችሁን ትስታላችሁ። ሁለተኛው የሚያውቃችሁ ሰው ነው። ስማችሁን ይጠራል፤ ዞር ትላላችሁ፤ አቅጣጫችሁ ይለወጣል።

በሲሊኮን ውስጥ ግፊያው የአቶሞቹ መንቀጥቀጥ ነው። አቶሞቹ በቦታቸው ሆነው ይርገበገባሉ፤ ሙቀት ሲጨምር መርገብገባቸው ይጨምራል። ኤሌክትሮኑ ብዙ ጊዜ ስለሚጋጭ ጉዞው ይቆራረጣል። በትንሹ ዶፕ በተደረገ ሲሊኮን ውስጥ ዋናው እንቅፋት ይህ ነው። ሲለካ የኤሌክትሮን ሞቢሊቲ በፍጹም ሙቀት 2.4 ፓወር እየተካፈለ ይወርዳል፤ የሆል ደግሞ በ2.2። ፍጹም ሙቀት የምንለው በኬልቪን ነው፤ ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው። በሴልሺየስ ብታሰሉ ትርጉም የለሽ ቁጥር ይወጣችኋል።

የሚያውቃችሁ ሰው ደግሞ ፎስፈረሱ ነው። ኤሌክትሮኑን ከለቀቀ በኋላ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ በቦታው ይቀራል። አጠገቡ የሚያልፈውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ መንገዱን ያጠመዝዘዋል። እዚህ ጋ ሙቀት የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ሲጠራ ይቆማል፤ የሚሮጥ ሰው ግን እጁን አውለብልቦ ያልፋል። የሞቀ ኤሌክትሮን ፈጣን ስለሆነ ፎስፈረሱ ብዙም አያጠመዝዘውም። ስለዚህ ይህኛው እንቅፋት በሙቀት ይቀላል እንጂ አይከብድም።

ሁለቱ በአንድ ላይ ሲሠሩ የሚበረታው ያሸንፋል። በትንሽ ዶፒንግና በክፍል ሙቀት ግፊያው ያሸንፋል። በከባድ ዶፒንግ ወይም በብርድ ደግሞ የፎስፈረሶቹ ጥሪ ይሰማል።

ዶፒንጉን 1000 እጥፍ ብናደርገው አስተላላፊነቱ 1000 እጥፍ ይሆናል?

አይሆንም። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ቀመሩ ላይ n ቀጥታ ስለሚባዛ ይመስለኛል። ግን n ሲጨምር μ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ከ10¹⁵ ወደ 10¹⁸ እንሂድ። ፎስፈረሶቹ 1000 እጥፍ ሆኑ። በየቦታው የሚጠራ ሰው በዛ ማለት ነው። የኤሌክትሮን ሞቢሊቲው ከ1350 ወደ 270 አካባቢ ይወርዳል። ሬዚስቲቪቲውን ብታሰሉት 0.023 ኦም ሴንቲሜትር ነው። መጀመሪያ የነበረው 4.6 ነው። ልዩነቱ 200 እጥፍ ነው። አምስት እጅ የሚሆነውን ትርፍ ፎስፈረሶቹ ራሳቸው በሉት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በ10¹⁸ ዶፕ የተደረገው ሲሊኮን ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚጨምረው በጣም በዝግታ ነው፤ አንዱ እንቅፋት ሲከብድ ሌላው ስለሚቀል ይካካሳሉ። ለሙቀት መለኪያ ትንሽ ዶፕ የተደረገ ሲሊኮን የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሙቀት እንዳያስቸግረው የሚፈለግ ሬዚስተር በቺፕ ላይ ሲሠራ ደግሞ ወደ ከባድ ዶፒንግ ይኬዳል።

ፎስፈረስና ቦሮን አንድ ላይ ቢገቡስ? ይጠፋፋሉ?

ፎስፈረስ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ቦሮን ደግሞ ሆል። ኤሌክትሮንና ሆላቸው ይጠፋፋል፤ እንቅፋትነታቸው ግን ይደመራል። የቦሮን አቶምም ቻርጅ ይዞ ይቀመጣል፤ ኔጌቲቭ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ስለዚህ እኩል ሬዚስቲቪቲ ያላቸው ሁለት ቁራጮች አንዱ ንጹህ ዶፒንግ፣ ሌላው ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ሬዚስታንስ ብቻ በመለካት አትለዩአቸውም። የተሸካሚውን ብዛት ለብቻ የሚያወጣ የማግኔት ልኬት፣ ሆል ኢፌክት የሚባለው፣ ያስፈልጋል።

ፈላ ውሃ ውስጥ 1696 ኦም መውጣት ነበረበት። እኛ ያነበብነው 1633 ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቷል?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። አንድ ዓመት አንድ ቡድን ሦስት ሴንሰር ለዋውጦ፣ ሁሉም 1630 አካባቢ ሲያነቡበት «መምህር፣ ካርቶኑ ሙሉ ብልሽት ነው» ብሎኝ ነበር።

የአምራቹ ሠንጠረዥ ለዚህ ሴንሰር በ25 ዲግሪ 1000 ኦም፣ በ0 ዲግሪ 815፣ በ100 ዲግሪ 1696 ይላል። በበረዶው ውሃ 815 አካባቢ አነበቡ። የጣናው ውሃ 23 ዲግሪ ነበር፤ 984 አካባቢ አነበቡ። እስከዚህ ልክ ነው። የፈላው ውሃ ላይ ግን ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ጉድለት መጣ። የሴንሰሩ የራሱ ስህተት በ25 ዲግሪ 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ በዚያ አይመካኝም።

ጥፋቱ «ፈላ» ማለት 100 ዲግሪ ነው ብለው መያዛቸው ነው። ጣና ከባህር ጠለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በሠንጠረዡ ቀመር 94ን ብታስገቡ ደግሞ የሚወጣው 1633 ነው። ሦስቱም ሴንሰሮች ደህና ነበሩ። ቡድኑ ሳያውቀው የከተማውን ከፍታ ለክቶ ነበር።

ከዚህ ልኬት ሞቢሊቲው በስንት ፓወር እንደሚወርድ ማውጣት እንችላለን?

እንችላለን፤ ሙከራውን የምንሠራው ዋናው ምክንያትም ይህ ነው። የኤሌክትሮኖቹ ብዛት አልተለወጠም ብለናል። ስለዚህ ሬዚስታንሱ 1.633 እጥፍ ከሆነ ሞቢሊቲው በ1.633 ተካፍሏል ማለት ነው። 25 ዲግሪ 298 ኬልቪን ነው፤ 94 ዲግሪ 367 ኬልቪን ነው። ከዚያ በፓይተን አንድ መስመር ይበቃል፦

```python
from math import log
print(log(1.633) / log(367 / 298))
```

የሚወጣው 2.35 ነው። ለኤሌክትሮን በጥንቃቄ የተለካው 2.4 ነው። በበረዶ፣ በሐይቅ ውሃና በአንድ ድስት እዚህ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የመጀመሪያው ቀላል ቲዎሪ 1.5 ይላል። ተማሪ 2.35 አግኝቶ 1.5 እንዲመጣ ቁጥሩን ሲጎነትል አይቻለሁ። አትጎንትሉ። 1.5 የሚመጣው አንድ ዓይነት መርገብገብ ብቻ ሲታሰብ ነው። በሲሊኮን ውስጥ ሌሎችም ስላሉ እውነተኛው አወራረድ ከዚያ ይፈጥናል።

ታዲያ ዶፕ የተደረገ ሲሊኮን መጽሐፉ እንዳለው የሚሆነው መቼ ነው?

በጣም ሲሞቅ። በ94 ዲግሪ ሲሊኮኑ ራሱ የሚለቃቸው ኤሌክትሮኖች 10¹² አካባቢ ደርሰዋል። ከክፍል ሙቀቱ 100 እጥፍ ሆነዋል፤ ከፎስፈረሱ 10¹⁵ ጋር ሲነጻጸሩ ግን አንድ ሺኛ ናቸው። ስለዚህ አይታዩም። በ200 ዲግሪ አንድ አሥረኛ ይደርሳሉ። 280 ዲግሪ አካባቢ ይስተካከላሉ።

ሬዚስታንሱ የሚዞረው ግን እስከሚስተካከሉ ጠብቆ አይደለም። ለዚህ ዶፒንግ ሳሰላው ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ባለው ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። ዶፒንጉ በጨመረ ቁጥር መዞሪያው ወደ ላይ ይርቃል። KTY81 እስከ 150 ዲግሪ ብቻ እንዲሠራ የተፈቀደ ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ሽቅብ ብቻ ነው የሚሄደው። ካልሆነማ አንድ ሬዚስታንስ ሁለት ሙቀት ይሰጥ ነበር፤ ለመለኪያ አይሆንም።

በጣም ሲቀዘቅዝስ?

ከ100 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ፣ ወደ ታች ሲወርድ ፎስፈረሶቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን መልሰው መያዝ ይጀምራሉ። ተሸካሚው ይመናመናል። ያኔ ሬዚስታንሱ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። በላባችን ግን የምንደርስበት አይደለም።

ቤት ያለው ቴርሚስተር ሲሞቅ ይወርዳል። እሱስ?

እሱ ሲሊኮን አይደለም። አብዛኛው ጥቁር ቴርሚስተር ከማንጋኒዝ፣ ከኒኬልና ከመሳሰሉት ብረቶች ኦክሳይድ ተጋግሮ የሚሠራ ነው። በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚጓዝበት መንገድ ሌላ ነው፤ ሙቀት ያግዘዋል። ሁለቱም «ሙቀት መለኪያ» ስለሚባሉ በአንድ ሳጥን ተደባልቀው ይገኛሉ። በሁለት ጣታችሁ ያዙት። ንባቡ ከወጣ KTY ነው፤ ከወረደ ቴርሚስተር ነው።

ልኬታችን የማይረባ ቁጥር ሰጠ። የት ተሳሳትን?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሦስት ቦታ ነው የሚመጣው፤ በጣም የሚበዛው ግን ውሃው ነው። የሴንሰሩ እግሮች ባዶ ከሆኑ ውሃው ራሱ በጎን ያስተላልፋል። የጣና ውሃ ጨውና ማዕድን ስላለበት ከተጣራ ውሃ ይልቅ ያስተላልፋል። ንባቡ ከሚገባው በታች ይሆናል፤ ቆሞም አይቆምም፣ ይዋዥቃል። እግሮቹን በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ሸፍኑ፤ ጫፉን በሲሊኮን ማጣበቂያ ድፈኑ። ከዚያ ደርቆ ሳለ በክፍል ሙቀት ለኩ፤ ያው ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ ደግማችሁ ለኩ። ከተለያየ ውሃ ገብቷል።

ሁለተኛው የራሱ ሙቀት ነው። 1 ሚሊ አምፔር በ1000 ኦም ውስጥ ሲያልፍ 1 ሚሊዋት ብቻ ያመነጫል፤ አይጎዳም። 5 ሚሊ አምፔር ግን 25 ሚሊዋት ነው። በአየር ላይ የተንጠለጠለ ሴንሰር በዚህ ይሞቃል፤ እናንተም የምትለኩት ክፍሉን ሳይሆን እሱን ይሆናል። ንባቡ ካበራችሁት በኋላ ቀስ እያለ ሽቅብ ከሄደ ይኸው ነው።

ሦስተኛው የሚገጥማችሁ ሴንሰሩን ትታችሁ ባዶ የሲሊኮን ቁራጭ ለመለካት ስትሞክሩ ነው። የመልቲሜትሩ ሹል ጫፍ ሲሊኮኑን ሲነካ ዳዮድ የሚመስል መገናኛ ይፈጠራል። ቀዩንና ጥቁሩን ስትለዋውጡ ንባቡ በጣም ከተለያየ ሲሊኮኑን ሳይሆን መገናኛውን ነው የምትለኩት። መፍትሔው አራት ጫፍ መጠቀም ነው፤ በውጪዎቹ ሁለቱ ከረንት ታሳልፋላችሁ፣ በውስጦቹ ሁለቱ ቮልቴጅ ታነባላችሁ። ቁራጩን ደግሞ ከመስኮት አርቁት። የባህር ዳር የቀትር ፀሐይ ባዶ ሲሊኮን ላይ ሲያርፍ በብርሃን ብቻ ተጨማሪ ኤሌክትሮንና ሆል ይፈጥራል። በእጃችሁ ስትጋርዱት ንባቡ ከዘለለ እሱ ነው።

በሐይቁ ዳር ያለው የውሃ ፓምፕ ሶላር ቀትር ላይ ይደክማል። ሞቢሊቲ ስለቀነሰ ነው?

ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም። ብዙዎች ሞቢሊቲን አንዴ ከተማሩ ሁሉን ነገር በእሱ መግለጽ ይፈልጋሉ። ፓኔል ሲሞቅ የሚጎዳው ቮልቴጁ ነው። ሲሊኮኑ ራሱ የሚለቃቸው፣ እስካሁን «አይታዩም» ያልናቸው ጥቂት ተሸካሚዎች፣ እዚህ ጋ ዋና ይሆናሉ። እነሱ በበዙ ቁጥር የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ በዲግሪ 2 ሚሊቮልት ገደማ ይወርዳል። ኃይሉ በዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ይቀንሳል።

ሚያዝያ ቀትር ላይ የፓኔሉ ሴል 55 ዲግሪ ደረሰ እንበል። ከ25 በ30 ዲግሪ በልጧል። በ0.4 ብናባዛው 12 በመቶ ነው። 300 ዋት የተጻፈበት ፓኔል በዚያው ብርሃን 264 ዋት ይሰጣል ማለት ነው። ፓኔሉን ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ከሥሩ የሐይቁ ነፋስ እንዲያልፍ ማድረግ ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ያስመልሳል።

ሞቢሊቲን በቀጥታ ማየት ከፈለጋችሁ ኢንቨርተሩን ክፈቱ። በውስጡ እንደ ማብሪያና ማጥፊያ የሚሠሩት ትራንዚስተሮች፣ ሞስፌቶቹ፣ ሲበሩ የሚኖራቸው ሬዚስታንስ ከ25 ወደ 125 ዲግሪ ሲሞቁ 1.5 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ጎን ለጎን የተያያዙት ከረንቱን የሚካፈሉትም በዚሁ ነው፤ አንዱ ከሞቀ ሬዚስታንሱ ይጨምርና ከረንቱ ወደ ቀዝቃዛው ጎረቤቱ ይሄዳል።